ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ የሽሮ ማስታወቂያ

እህቴ ሽሮ አስፈጭታ በኪሎና በግማሽ ኪሎ እያሸገች ትሸጣለች። ሰሞኑን የአንድ ደቂቃ የአኒሜሽን ማስታወቂያ እንሥራልሽ የሚል ደብዳቤ ከሁለት ቦታ ደረሳት። አንዱ 45 ሺህ ብር ይላል፣ ሌላው 70 ሺህ። «የቱ ይሻላል?» ብላ ሁለቱንም ላከችልኝ። የማስታወቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ ስለምኖር መሰለኝ።

የርካሹ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ስለ ራሱ ያወራል። «ሽሮ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም፤ «ምርትዎ» ብቻ ነው። ለፍራሽ ነጋዴም ሳይነካ ይላካል። የውዱ ግን ከሽሮው ይጀምራል። ብቻዋን የምትኖር ልጅ ከሥራ ደክማ ትገባለች፤ ድስቱ ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር ፊቷ ይፈታል። ይህንን በስድስት ትንንሽ የእርሳስ ሥዕሎች አያይዞ ልኳል። ስቶሪቦርድ የሚሉት ይህንን ነው።

ቀጥሎ ደቂቃዋን ለካሁ። ርካሹ የድርጅቱን ታሪክ፣ አምስት ዓይነት ምርት፣ የአዘገጃጀቱን ሂደት፣ አድራሻና ቅናሽ ሁሉ በአንድ ደቂቃ አሳያለሁ ይላል። ያለውን ሁሉ ጽፌ፣ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወደ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ሌላኛው የላከው ጽሑፍ 80 ቃል ገደማ ነው። ለድስቱ ድምፅ እንኳን ቦታ ይተርፈዋል።

አሁን ወደ ብሩ። በ45 ሺው ውስጥ ተራኪም፣ ሙዚቃም፣ ለቲክቶክ የሚሆን በስልክ ቁመት የተሠራ ቅጂም አልተጠቀሰም። ስንጠይቅ ሁሉም «ለብቻው» ሆነ። በ70 ሺው ውስጥ ሦስቱም ተጽፈዋል።

እህቴን ያማለላት ርካሹ «እስኪረኩ ድረስ እናርማለን» ማለቱ ነው። ውዱ በስቶሪቦርዱ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ድምፁ ከተቀዳ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በክፍያ ይላል። ቆጣቢ ይመስላል፤ እኔ ግን ይበልጥ ያመንኩት እሱን ነው። አኒሜሽን በሰከንድ 24 ምስል ቢሄድ በደቂቃ 1,440 ምስል ነው። ሁሉም አንድ በአንድ በእጅ ባይሣልም፣ ካለቀ በኋላ ገጸ ባሕርይ ቀይሩ ማለት ብዙውን ሥራ እንደገና መጀመር ነው። ያለ ገደብ አርማለሁ የሚል ሰው ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ በሦስተኛው እርማት ስልክ ማንሳት ያቆማል።

ውዱም እንከን አለው። ማስታወቂያው የሚታረምበት ዋናው ፋይል የማን እንደሚሆን አልጻፈም። ነገ ስልክ ቁጥሯ ቢቀየር በማን ደጅ ልትቆም ነው? ይህ በውሉ ይግባ አልኳት፤ ገባ። ጽሑፍና ድምፅ በራሱ ያዘጋጀ ነጋዴ ቢሆን ግን ርካሹ በቂው ነበር።

እህቴ ስቶሪቦርዱን ደግማ አየችውና «ይሄ እኮ የብረት ድስት ነው፣ የሸክላ ይሁንልኝ» አለች። በማግስቱ ተስተካክሎ መጣ። ገና እርሳስ ነበራ።