የአጥንት ስካን፣ ስፔክት ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ? ጠቆር ያለ ነጥብ ሲታይ ምርጫው እንዴት ይደረጋል

በአጥንት ስካን ምርመራ፣ ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት የፎስፎኔት ውህድ በደም ሥር ይሰጣል፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ከተጠበቀና ሽንት ከተሸና በኋላ ጋማ ካሜራ መላውን አካል ያነሣል። ውህዱ በብዛት የሚከማቸው ደም በደንብ በሚደርስበትና አዲስ አጥንት በሚሠራበት ቦታ ስለሆነ፣ ባለሙያዎች ሆት ስፖት የሚሉት ጠቆር ያለ ነጥብ የሚመሰክረው አጥንቱ ራሱን እየጠገነ መሆኑን ብቻ ነው። ጥገናውን የቀሰቀሰው የተሰራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ስብራት፣ የመገጣጠሚያ መበላት ወይም ኢንፌክሽንም እንደዚሁ ያጠቁረዋል።

ለምሳሌ የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት የ66 ዓመት ሰው ስካን በግራ በኩል ሦስት ተከታታይ ጎድኖች ላይ፣ በተጨማሪም በታችኛው ወገብ በአንድ ወገን ላይ ነጥብ አሳየ እንበል። የጎድኖቹ ነጥቦች አንዱ ከሌላው በታች ተሰልፈው ከታዩና ሰውየው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወድቆ ከነበረ፣ ስብራት የመሆናቸው ዕድል ያመዝናል፤ ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎድን ርዝመት ተከትሎ ይዘረጋል። ስለ መውደቁ ማንም ሳይጠይቀው ውጤት መጻፉ፣ በእኔ እይታ፣ ከመሣሪያው ድክመት የከፋ ስሕተት ነው።

የወገቡ ነጥብ ግን በጠፍጣፋው ምስል ብቻ አይፈታም፤ በአከርካሪው አካል ላይ ይሁን ወይስ ከኋላ ባለው ትንሽ መገጣጠሚያ ላይ አይለይም። የጋማ ካሜራውን ምስል ዙሪያውን አንሥቶ ከሲቲ ምስል ጋር የሚያጣምረው ስፔክት ሲቲ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ቀን ከተሠራ ሁለተኛ መርፌ አያስፈልገውም፤ ነጥቡን በሲቲው ምስል ላይ ስለሚያስቀምጠው፣ የተበላ መገጣጠሚያና ትርፍ የአጥንት ጉጠት ከታየ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ እዚያው ይዘጋል። የሚጨምረው ዋጋውና የሲቲው ጨረር ነው።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ መቅኒውን ስለሚያሳይ አጥንቱ ገና ለጥገና ሳይነሣ ካንሰሩን ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን አንድ የአካል ክፍል ነው፤ አንዳንድ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመላቸው ሰዎችም ላይገቡበት ይችላሉ። እግር ከደከመ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ስካን መጠበቅ አይገባም፤ የአከርካሪ ኤምአርአይ በአስቸኳይ ይሠራል። አጥንትን እየበላ ጥገና የማያስነሣው የመቅኒ ካንሰር፣ መልቲፕል ማይሎማም የአጥንት ስካንን ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ለእርሱ ይህን ምርመራ መግዛት አያዋጣም።

ስለዚህ መላ አካልን ለማሰስ ስካኑ፣ የተገኘን አጠራጣሪ ነጥብ ለመለየት ስፔክት ሲቲ፣ ያም ሳይለይ ሲቀር ወይም ነርቭ ሲነካ ኤምአርአይ ይመረጣል። ሕክምና ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የሚደገም ስካን ግን መዘግየቱ ይሻላል፤ መድኃኒቱ ሠርቶለት አጥንቱ ሲድን ነጥቦቹ ለጊዜው ይጠቁራሉ፣ ካንሰሩ የባሰበትም ይመስላል።