ወጣ ያለ ጆሮ ያላችሁ እህቶች፣ «ፊትሽን እናመጣጥንልሻለን» ከሚሉት ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ከአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ተቆጥቼ እንደተመለስኩ ነው። ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቷ «ግቢ የኔ ቆንጆ» ብላ ትቀበላለች፣ ሒሳቡን አስቀድማ ትቀበላለች፣ ከዚያ እሷ ትሰወርና እጇ ያልተፍታታ ልጅ ትመጣለች። እኔም 2,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ጆሮዬ ወጣ ያለ፣ አፍንጫዬም ጎላ ያለ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ባለቤቷ ሳልከፍል መስታወት ፊት አስቀምጣ የነገረችኝ ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው። ፀጉር መሀል ለመሀል ሲከፈል መስመሩ የሚያይ ሰውን ዓይን በቀጥታ ወደ አፍንጫ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከግራ ቅንድቤ በላይ በጎን እንዲከፈል ተስማማን። ጎንና ጎኑ ደግሞ ጉትቻ ከሚንጠለጠልበት ወርዶ አገጬ ድረስ እንዲቀር፣ ጆሮዬም ከሥሩ እንዲሸፈን ተነጋገርን።

ታጥቤ ፀጉሬ በፎን ከተሳበ በኋላ ልጅቷ መጣች። የማበጠሪያዋን ጭራ ግንባሬ መሀል ላይ ተክላ እስከ አናቴ ሰነጠቀችው። «በጎን ነው የተባለው» አልኳት። «አሁን ፋሽኑ መሀል ነው» አለችኝ፣ ፊቴን እንኳን ሳታይ። ወዲያው የጎኑን ፀጉር በሁለት ጣቶቿ ወጥራ ይዛ ልክ በጆሮዬ የታችኛው ጫፍ ላይ መቀሱን አሳለፈችው። አንድ እፍኝ ፀጉር ጉልበቴ ላይ ሲወድቅ አየሁት።

ጮህኩ። ባለቤቷ የቡና ስኒ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለችና «ጆሮሽን እኛ አልሠራነውም» አለችኝ። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ፊት! የፀጉር ቤቱ ልጆች ሳቁ። ገንዘቤን ስጠይቅ «የተቆረጠ አይመለስም» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ጉዳቱ ያበቃው ግን እዚያ አይደለም። የኔ ፀጉር ከርዳዳ ነው፤ በፎን ሲሳብ ይረዝማል፣ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ቤት ገብቼ ሳጥበው የጆሮዬ ጫፍ ላይ የነበረው ወደ ጆሮዬ አጋማሽ ወጣ። ከጆሮዬ ኋላ የቀረው ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ደግሞ ጆሮዬን ወደ ፊት ገፋው። ከነበረኝ የባሰ ሆነ። ይህን ከርዳዳ ፀጉር የሚቆርጥ ባለሙያ አላውቅም ሊል አይችልም።

ከርዳዳ ፀጉር ያላችሁ፣ በተፈጥሮው ደርቆ የት እንደሚደርስ ሳታሳዩ በፎን በተሳበ ፀጉር ላይ መቀስ አታስነኩ። መስመሩን ቤታችሁ ራሳችሁ ከፍላችሁ ሂዱ፣ ገንዘቡንም ስትጨርሱ ስጡ። ጎኑ አጥሮባችሁ ከሆነ ወደ ኋላ የሚሄድ ሹሩባ አትሠሩ፤ ጆሮን ጨርሶ ያጋልጣል። መስመሩን ወደ ጎን መልሳችሁ የላይኛውን ፀጉር በአንዱ ጆሮ ላይ አውርዱት። ሌላኛው ጆሮ ግን መታየቱ አይቀርም፤ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው።