መቶ በመቶ ጥጥ ወይስ ኤላስታን ያለበት? ጠቆር ያለ ጂንስ ከመግዛትዎ በፊት በእጥበት በኩል ሲነጻጸሩ

ጠቆር ያለ ጂንስ ሱሪ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ቀለሙንና ልኩን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማነበው በውስጥ በኩል የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ነው፤ እዚያ ላይ «ጥጥ 100%» ወይም «ጥጥ 98%፣ ኤላስታን 2%» ተብሎ ይጻፋል፤ ኤላስታን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሱሪው በምን ያህል ጊዜ መታጠብ እንዳለበትና ከላላ በኋላ ወደ ቅርጹ ይመለስ እንደሆነ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህች ልዩነት ነው።

በቀለም በኩል ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። ሰማያዊ ጂንስ የሚነከርበት ኢንዲጎ በክሩ ላይኛ ንጣፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ እስከ መሐሉ ዘልቆ አይገባም፤ የሚነከረውም በተለምዶ ድሩ ብቻ ሲሆን ማጉ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የሱሪው ውስጠኛ ገጽ ነጣ ብሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀለሙን የሚያስለቅቀው በዋናነት ፍትጊያ ነው። ሱሪውን ገልብጦ፣ ዚፑንና ቁልፉን ዘግቶ፣ በቀዝቃዛ ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ማሽኑን ሳያጨናንቁ ማጠብ ለሁለቱም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ማሽኑ ከታጨቀ ጨርቁ ተጣጥፎ ይቀራል፤ የእጥፋቱ ጠርዝም ብቻውን እየተፋተገ በእግሩ ቁመት ላይ ነጭ መስመር ያወጣል። ይህን መስመር መልሶ የሚያጠፋ እጥበት የለም። ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን «ያስሩታል» የሚባለውም ለኢንዲጎ አይሠራም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በመላላት ላይ ነው። ንጹሕ ጥጥ በተለበሰ ቁጥር በጉልበትና በመቀመጫ በኩል ይለጠጣል፤ ሲታጠብ ግን ክሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ተወጥሮ የቆየው ሽመናም ይሰበሰባል። ኤላስታን ያለበት ሱሪ በተቃራኒው በሚለበስበት ጊዜ ራሱ እየተሰበሰበ ቅርጹን ይጠብቃል፤ የላስቲኩ ክር አንዴ ከተዳከመ ግን ማንኛውም እጥበት አያድነውም። ክሩን የሚያዳክሙት ደግሞ የማድረቂያ ማሽን ኃይለኛ ሙቀትና ክሎሪን ያለው በረኪና ናቸው።

ይህን የተማርኩት ሁለት ሱሪዎችን አንድ ዓይነት አያያዝ ይዤ ነው። ሁለቱንም እያጠብኩ በሙቅ ማድረቂያ አደርቃቸው ነበር። የጥጡ አጥሮ ወገቡ ጠበቀኝ፤ ነገር ግን ለብሼው ጥቂት ሰዓት ስቆይ ለቀቅ አለልኝ። ኤላስታን ያለበት ግን ከወራት በኋላ ከወንበር ስነሳ ጉልበቱ ላይ እንደ ከረጢት ተነፍቶ የሚቀር ሆነ፤ አጥቤ ብለብሰውም ከሰዓት ሳይደርስ ያው ቅርጽ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ገልብጬ ጥላ ውስጥ አሰጣለሁ፤ ፀሐይ ቀለሙን ስለምታወይብ ነው። ኤላስታን ያለበትን ደግሞ ውሃው ከብዶ እንዳይጎትተው በወገቡ አላንጠለጥለውም፤ መሐሉን ገመዱ ላይ አጥፌ አሰጣዋለሁ።

በየስንት ጊዜው ይታጠብ ለሚለው ጥያቄ ቀን ከመቁጠር ምልክት ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ጂንሱን 15 ወር ሳያጥብ ለብሶ ሲመረመር፣ የተገኘው የባክቴሪያ መጠን ታጥቦ ለሁለት ሳምንት ገደማ ከተለበሰው ሱሪ ጋር ተቀራራቢ ነበር። የአንድ ሰው ሙከራ ብቻ ስለሆነ ብዙ አይጫንበትም፤ በየሁለት ቀኑ ማጠብ ግዴታ እንዳልሆነ ግን ያሳያል። ያም ሆኖ ለዘለዓለም አለማጠብን አልደግፍም፤ በጨርቁ ውስጥ የተቀመጠ አሸዋና አቧራ ክሩን ይፈገፍገዋልና፣ በተለይ በሁለቱ ጭኖች መካከል።

እኔ የጥጡን ሱሪ የማጥበው ጉልበቱ ሲላላ ወይም ሌሊቱን ተሰቅሎ አየር አግኝቶም ሽታው ካልጠፋ ነው፤ ይህ ለእኔ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ያህል ከተለበሰ በኋላ ይሆናል። ኤላስታን ያለበት ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ስለሆነ ወዝና ላብ ቶሎ ይይዛል፤ አምስት ጊዜ ያህል ከተለበሰ በኋላ እጥበት ይጠይቃል። ትንሽ እድፍ ሲነካው ሙሉ ሱሪውን ማጠብ አያስፈልግም፤ ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ጫን እያሉ ማንሳት ይበቃል፣ ማሸት ግን ቀለሙን ያነሣል።

እንግዲህ እጥበት አንሶ ቀለሙ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው የጥጡን ይምረጥ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ድርቅ ማለቱን መታገሥ አለበት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራና ምቾት የሚያስቀድም ኤላስታን ያለበትን ይውሰድ፣ ማድረቂያ ማሽን ብቻ አያስነካው። ሲገዙም የጉልበቱን ጨርቅ በሁለት እጅ ለጥጠው ጥቂት ሰከንድ ያቆዩትና ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተሰበሰበ ላስቲኩ ከመነሻው ደካማ ነው።