«ሲመችዎ» ወይስ «እስከ ዓርብ»?

ክፍያ ላዘገየ ደንበኛ ሊላኩ የሚችሉ ሁለት ማስታወሻዎችን ላወዳድር። የመጀመሪያው ማስታወሻ፦ «ሰላም፣ ስለ ሒሳቡ ላስታውስዎ ብዬ ነው፤ ሲመችዎ ይላኩልኝ።» ጨዋ ነው፤ ግን «ሲመችዎ» የሚለው ቃል ቀነ ገደቡን ራሱ ይሰርዘዋል። የትኛው ሒሳብ እንደሆነም አይናገርም።

ሁለተኛው፦ «ሰላም፣ እንደምን ሰነበቱ? የክፍያ መጠየቂያ ቁጥር 214 መከፈል የነበረበት ሰኔ 5 ነው፤ ዛሬ 12 ቀን አልፎታል። መጠየቂያውን ከባንክ ሒሳብ ቁጥሬ ጋር አያይዣለሁ። እስከ ዓርብ እንዲከፍሉኝ እጠይቃለሁ። ያልተስማሙበት ነገር ካለ ነገ ይንገሩኝ፤ ከፍለው ከሆነ ማረጋገጫውን ይላኩልኝ።»

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ደንበኛው ምንም ሳይጨምርበት ለሒሳብ ክፍሉ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ አንዳንዴ ክፍያ የሚዘገየው መጠየቂያው እዚያ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። «ከፍለው ከሆነ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ቀኑን ሳታላላ ወቀሳውን ታለዝባለች።