አዳማ ላይ «ታይፕ ተደርጓል» ተብሎ ፒዲኤፍ ለምትረከቡ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ገና ንዴቴ ሳይበርድ ነው። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብና የቆዩ ቃለ ጉባኤዎች፣ በድሮ ታይፕ የተመቱ 96 ገጾችን፣ ፍራንኮ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ለአንዱ በኮምፒውተር እንዲተየቡ ሰጥቼ የእድሩን ገንዘብ ተበልቻለሁ። ዋጋው በገጽ 40 ብር፣ በድምሩ 3840 ብር ሲሆን፣ ግማሹን ስሰጥ፣ ግማሹን ደግሞ ሥራውን ስረከብ ከፍያለሁ። የተስማማንበትም ጉዳይ ግልጽ ነበር፤ አንድ አባል «መዋጮ ያልከፈለ ሰው ምን ይደረጋል?» ብሎ ሲጠይቅ ቃሉን ፈልጌ አንቀጹን ወዲያው ማግኘት እንድችል ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁንም በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፋይሉን ከፍታ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች፤ የሚታየው ሁለተኛው ገጽ፣ ማለትም ማውጫው ነበር። Ctrl+F ተጫነችና «መዋጮ» ብላ ጻፈች፤ «ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ መዋጮ» በሚለው መስመር ላይ ቀለም ሲያርፍ፣ «ይኸው ጋሼ፣ ይፈልጋል» አለችኝ። ቀጥላም የመዳፊቷን መንኮራኩር እያሽከረከረች የቀሩትን ገጾች በፍጥነት አሳለፈቻቸው። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይታይ ስለነበር ደስ አለኝ፤ የቀረውን 1920 ብር ቆጥሬ ሰጠሁና ፍላሽ ዲስኬን ይዤ ወጣሁ።

እጅግ የሚቆጨኝ ግን ማስረጃው ዓይኔ ሥር ተቀምጦ እያለ አለማየቴ ነው። በፍለጋው ሳጥን ጎን «1/3» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ይህም ቃሉ በጠቅላላው ፋይል ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ተገኝቷል ማለት ነው። «መዋጮ» የሚለው ቃል የማይጠራበት ገጽ በእድር ቃለ ጉባኤ ውስጥ የት ይገኛል? ለ19 ዓመት ጸሐፊ የሆንኩት እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ደግሞም ፋይሉ ወደ ፍላሼ ሲገለበጥ የአንድ ሲኒ ቡና ያህል ጊዜ ወስዷል፤ ክብደቱ 58 ሜጋ ባይት ነበር። 96 ገጽ የተተየበ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን አንድ ሜጋ ባይት መሙላቱ ራሱ ያጠራጥራል።

ቤት ገብቼ አርባኛውን ገጽ ከፈትኩና አንድ መስመር በመዳፊት ለመምረጥ ሞከርኩ፤ ምንም አልተመረጠም። እስከ 400 በመቶ ሳጎላው የፊደላቱ ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሸራረፈ፣ ዙሪያቸውም ግራጫ ሆነ። በኮምፒውተር የተተየበ ፊደል ግን የቱንም ያህል ቢጎላ ጠርዙ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ነገሩ የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው፤ ከአምስተኛው ገጽ ጀምሮ ያሉት 92 ገጾች የእኔው አሮጌ ወረቀቶች ስካን ተደርገው የገቡ ፎቶዎች ናቸው። የእኛ ዓይን ፊደል ቢያይም፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው የነጥብ ክምችት ብቻ ስለሆነ የሚፈልገው ቃል አያገኝም። በእርግጥ የተተየቡት ሽፋኑና ማውጫው፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ብቻ ናቸው፤ ልጅቷ የፈለገችውም እዚያው ላይ ነበር።

በማግስቱ ተመለስኩ። ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ ፒዲኤፍ አሉን፣ ፒዲኤፍ ሰጠን፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ስካን ብቻ ከሆነ በገጽ 5 ብር የሚሠራ ሥራ ነው ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ሰዎች መስማት ስለጀመሩ ነው መሰለኝ፣ «ይተዉት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይምጡ» አለኝ። 92 ገጽ በሁለት ሰዓት አይተየብም፤ ይህንንም አውቅ ነበር፤ ግን ሄድኩ።

የተሰጠኝ ሁለተኛ ፋይል ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም አሁን በመዳፊት ስጎትት መስመሩ ሰማያዊ ሆኖ ይመረጣል። ያንን ብቻ ያየ ሰው «ተስተካክሏል» ብሎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን አንዴ ተነክሼ ስለነበር የአርባኛውን ገጽ የመጀመሪያ መስመር ገልብጬ እዚያው ኖትፓድ ላይ ለጠፍኩት። የወጣው `hAVC: avPPP 0PAD-9` የሚመስል ዝባዝንኬ ነበር። ባለቤቱ አይቶ፣ «የአማርኛ ፊደል ችግር ነው፣ የእርስዎ ኮምፒውተር ነው» ብሎ ዞር አለ። ኮምፒውተሩ የራሱ መሆኑን ስነግረው መልስ አልሰጠኝም።

እውነቱን የገለጠልኝ በሶፍትዌር ሥራ የሚተዳደረው የእህቴ ልጅ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሁለቱን ፋይሎች በየተራ እንዲህ ጠየቃቸው፦

```
pdffonts -f 5 -l 96 idir.pdf
pdftotext -f 40 -l 40 idir.pdf -
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ከአምስተኛው እስከ ዘጠና ስድስተኛው ገጽ ድረስ ያሉትን የፊደል ዓይነቶች ይዘረዝራል። በመጀመሪያው ፋይል ላይ ርእሱን ብቻ አውጥቶ ሥሩ ባዶ ሆነ፤ ፊደል የሌለበት ገጽ ደግሞ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ከአንደኛው ገጽ ሲጀምር ግን Nyala የሚለው የአማርኛ ፊደል ብቅ አለ፤ ያ የአራቱ ገጾች ነው። በሁለተኛው ፋይል ላይ GlyphLessFont የሚል ስም ወጣ። ይህ ቴሰራክት የሚባለው ፎቶ አንባቢ ፕሮግራም ያነበበውን ከፎቶው ጋር ደርቦ የሚያስቀምጥበት፣ ቅርጽ የሌለው፣ ለዓይን የማይታይ ፊደል ነው። ፕሮግራሙ የአማርኛ ማንበቢያ ቢኖረውም፣ ቋንቋው ካልተነገረው በራሱ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእኛን «መ» እና «ዋ» ከላቲን ፊደላት ጋር እያመሳሰለ የመጣለትን ጽፏል። ሁለተኛው ትእዛዝ የአርባኛውን ገጽ ጽሑፍ ሲያወጣም ያው ዝባዝንኬ ነበር።

ለፍትሐዊነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ዝባዝንኬ የሚወጣበት ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም። በእጅ በትክክል የተተየበ ጽሑፍም፣ ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደሎች ከተጻፈ፣ ሲገለበጥ የላቲን ፊደላት ዝርዝር ይሆናል። ስክሪን ላይ አማርኛ ይነበባል፤ ፍለጋ ግን አይሠራም። ለእንደኔ ዓይነቱ ጉዳይ ሁለቱም እኩል ዋጋ ቢስ ናቸው።

ስለዚህ ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ከመሃል አንድ ገጽ ራሳችሁ ምረጡ፤ ባለሱቁ አይምረጥላችሁ። መስመሩን ገልብጣችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉና አንብቡት። ስትስማሙም «በዩኒኮድ የተተየበ» የሚለውን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ የእኔ ደረሰኝ የሚለው «ፒዲኤፍ 96 ገጽ» ብቻ ነው።

የእድሩ ሊቀ መንበር እሑድ ደንቡን ይጠብቃል። እኔ ትናንት ማታ ከአምስተኛው ገጽ ጀምሬ ራሴ መተየብ ይዣለሁ፤ እስካሁን ሰባተኛው ላይ ነኝ።