ልጁ በእውነት ታሞ ሂሳቡ ግን የሌባ ሊሆን ይችላል

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የታመመ ሕፃን ፎቶ፣ የሆስፒታል ደብዳቤና የሂሳብ ቁጥር ሲደርሰን አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ልጁ እውነት ታሟል ወይ?» ብለን ነው። ማኅተሙን እናያለን፣ ልጁ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ አንጀታችን ይንሰፈሰፋል፣ እንልካለን። ክፉው ማጭበርበር ግን ልጅ አይፈጥርም። እውነተኛ ቤተሰብ የለጠፈውን ልመና እንዳለ ቀድቶ ከሥር ያለችውን ቁጥር ብቻ ይለውጣል። ስለዚህ ደብዳቤው ቢመረመር ትክክል ነው፣ ሐኪሙም አለ፣ ልጁም አለ፤ ብሩ ብቻ ሌላ ሰው ኪስ ይገባል። መመርመር ያለበት ከልጁ ይልቅ ሂሳቡ ነው።

እንበልና የአራት ዓመት ልጅ ልቡ ላይ ክፍተት አለበት፣ ውጭ አገር መታከም አለበት የሚል መልእክት ጎንደር ውስጥ ማራኪ ወይም አዘዞ ባለ የሰፈር ግሩፕ ገባ። የሪፈር ወረቀት፣ አንድ የንግድ ባንክ ሂሳብና አንድ የቴሌብር ቁጥር አብረውት አሉ።

መጀመሪያ ሂሳቡ በማን ስም እንደሆነ እዩ። በ1000 የሚጀምረውን ባለ 13 አሃዝ ቁጥር በንግድ ባንክ መተግበሪያ ስታስገቡ ዝውውሩን ከማጽደቃችሁ በፊት የባለሂሳቡ ስም ይወጣል። ቴሌብርም የሚስጥር ቁጥር ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። እዚያ ላይ ቁሙና ስሙን ጽፋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ሳትልኩ ውጡ።

አሁን ስሙን ከደብዳቤው ጋር አስተያዩ። በእኛ አሰያየም የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው፤ የልጁ ሦስተኛ ስም ደግሞ የአባቱ ሁለተኛ ስም ይሆናል። ሂሳቡ የአባት ከሆነ ይህ ሰንሰለት ሊገጥም ይገባል። የእናት ከሆነ ግን ምንም የሚጋሩት ስም ስለሌለ ደብዳቤው ብቻውን አያረጋግጥላችሁም፤ የእናቱ ስም የተጻፈበትን የልደት ምስክር ወረቀት ጠይቁ። ስሙ አለመግጠሙ ብቻውን ሌብነት አይደለም። ከደምቢያ ወይም ከወገራ ልጁን ይዞ የመጣ ገበሬ በከተማ ዘመዱ ስልክ ሊቀበል ይችላል። ነገር ግን ዘመዱ ማን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው መኖር አለበት። «ኮሚቴ ነን» ካሉ በጋራ ስም የተከፈተ ዝግ ሂሳብ እንጂ የአንድ ሰው የግል ቴሌብር ሊሰጧችሁ አይገባም።

ቀጥሎ ቤተሰቡን በሌላ መንገድ አግኙ። በመልእክቱ ላይ ያለውን ስልክ መደወል አይበቃም፤ ሂሳቡን የለወጠው ሰው ስልኩንም ይለውጣል። ቤተሰቡ የየት ሰፈር ነው? ጎንደር ውስጥ ከሆነ የእድሩን ዳኛ ወይም የሰፈሩን ሰው መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ አስታማሚውን አግኝታችሁ «የእናንተ ቁጥር የትኛው ነው?» በሉና ከመልእክቱ ጋር አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ። ሆስፒታሉ ስለ ሕመሙ ላይነግራችሁ ይችላል፣ የታካሚ ምስጢር ነውና። መዝገብ ቤት የምትጠይቁት «ይህ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ከእናንተ ወጥቷል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው።

ፎቶውን በጎግል ሌንስ መፈለግ ይጠቅማል፤ የሌላ አገር ሕፃን ሆኖ ይገኛልና። ምንም ሳይወጣ ቢቀር ግን አትተማመኑበት፤ በግል የቴሌግራም ግሩፕ የተላለፈ ፎቶ እዚያ አይገኝም።

«ዛሬ ማታ ካልተከፈለ ይሞታል» የሚለውንም በጥያቄ ፈትሹት። ውጭ አገር የሚሄድ ልጅ ፓስፖርት፣ ቪዛና ከተቀባዩ ሆስፒታል የተጻፈ የወጪ ግምት ያስፈልገዋል፤ ይህ በአንድ ሌሊት አያልቅም። የልብ ከሆነ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ተመዝግቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ውጭ መፈለጋቸው ሐሰት አያደርጋቸውም፤ ያለፈበት ቤተሰብ ግን ሂደቱን አንድ በአንድ ይነግራችኋል።

ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ገንዘቡን ለሰው አትስጡ። መድኃኒቱን በማዘዣው ገዝታችሁ ስጡ፣ ወይም ሕክምናው አገር ውስጥ ከሆነ በልጁ የካርድ ቁጥር ሆስፒታሉ ገንዘብ ቤት ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሂሳቡ ተለውጦ ካገኛችሁት ግሩፑ ላይ «ሌባ ናቸው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ታማሚው ልጅ አብሮ ይጠፋል። «ልጁ እውነት ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ይህ ነው» ብላችሁ ቤተሰቡ በቃሉ ያረጋገጠውን ቁጥር ለጥፉ፣ ለቤተሰቡም ንገሩ።

ከላካችሁ በኋላ ከነቃችሁ ደቂቃ አታባክኑ፤ ብሩ ቶሎ ወጪ ይሆናል። በንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ በቴሌብር ከሆነ 127 ደውሉ፣ የግብይት ቁጥሩን ስጡ። መልእክቱን አታጥፉ፤ የላኪውን ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥሩንና ያያችሁትን ስም ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።