ቫዝሊን፣ ዚንክ ወይስ የፈንገስ ክሬም? ለዳይፐር ሽፍታ የትኛውን እንግዛ

ደሴ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት እናቶች «ለልጅ ቂጥ የሚሆን ቅባት ስጠኝ» ብለው ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ከመደርደሪያው አንዱን ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሽፍታው የልጁ ብሽሽት ውስጥ ገብቷል ወይስ ላይ ላዩን ነው?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የተደረደሩት ቅባቶች የተሠሩት ለሁለት የተለያዩ ችግሮች ነው። አንደኛው ቆዳው በሽንትና በሰገራ ተቃጥሎ የሚመጣ ሽፍታ ነው። ሁለተኛው ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ የሚያመጣው ነው። ለመጀመሪያው የሚጠቅመው ቅባት ፈንገሱን አይገድልም። የፈንገሱ ክሬም ደግሞ ሽንትን ከቆዳ አያርቅም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሽፍታውን ብርሃን ላይ አይቶ መለየት ይሻላል።

ሁለቱን መለየት

ሽንት ብቻውን ያን ያህል ክፉ አይደለም። ችግሩ ከሰገራ ጋር ሲቀላቀል ነው። ሰገራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሽንቱን ወደ አሞንያ ይቀይሩታል። አሞንያው ደግሞ ሰገራ ውስጥ ያሉትን ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያነቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሞቹ የሚያጠቁት የልጁን ቆዳ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ በአንድ ሌሊት ቂጡ ተልጦ የሚያድረው ለዚህ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሽፍታ የሚወጣው ዳይፐሩ ወይም ጨርቁ በቀጥታ በሚነካው ቦታ ላይ ነው። መቀመጫው፣ ጭኑ፣ የሆዱ ታችኛው ክፍል ይቀላል። የብሽሽቱን እጥፋት ለቀቅ አድርጋችሁ ስታዩት ግን ውስጡ ደህና ነው። እርጥቡ ጨርቅ እዚያ ድረስ አይገባማ።

ፈንገሱ የተገላቢጦሽ ነው። ሞቃትና እርጥብ የሆነ የተደበቀ ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ከብሽሽት ይጀምራል።

| የሚታየው | ከሽንትና ከሰገራ የመጣ | ከፈንገስ የመጣ |
|---|---|---|
| ብሽሽትና እጥፋት | ብዙ ጊዜ ደህና ነው | በደንብ ተይዟል |
| የሽፍታው ዳር | ቀስ እያለ ይደበዝዛል | ተለይቶ ይታወቃል |
| ዙሪያው | ንጹህ ነው | ትናንሽ ነጠብጣቦች ተበትነዋል |
| በመከላከያ ቅባት | በ2 እና 3 ቀን ይሻለዋል | ባለበት ይቆማል ወይም ይሰፋል |

ከእነዚህ ሁሉ እኔ በጣም የምተማመነው በነጠብጣቦቹ ነው። ከዋናው ሽፍታ ወጣ ብለው፣ ጭንና ሆድ ላይ ለብቻቸው ብቅ ያሉ ትናንሽ ቀያይ ወይም መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች ካሉ ፈንገስ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ፎቶ አብዛኛው የነጭ ልጅ ነው። እንደ ሥጋ የቀላ መቀመጫ ያሳያችኋል። የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ግን ፈንገሱ ጠቆር ያለ፣ ወደ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ የሚያደላና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «አልቀላምኮ» ብላችሁ አትዘናጉ። ቦታውንና ነጠብጣቡን ተመልከቱ።

መከላከያዎቹ፦ ቫዝሊን ወይስ ዚንክ?

ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው። በቆዳውና በእርጥበቱ መሃል ይቆማሉ። የሚለያዩት በጥንካሬ ነው።

ቫዝሊን ርካሽ ነው፣ የትም ሱቅ አለ። ስለማይጋርድም ከሥሩ ያለው ቆዳ ምን እንደመሰለ ማየት ይቻላል። ቆዳው ጤነኛ ለሆነ ወይም ትንሽ ለቀላ ልጅ በቂ ነው፣ ሌላ ነገር አትግዙ። ሽታ የሌለውን ምረጡ። ሽቶ የተጨመረበት ቅባት የተቆጣ ቆዳን ይባስ ያስቆጣል። ድክመቱ ቶሎ ጨርቁ ላይ ተጠርጎ ማለቁ ነው።

ዚንክ ኦክሳይድ ነጭና ወፍራም ነው። ቆዳው ላይ ይጣበቃል፣ ሰገራ ቢመጣም ቶሎ አይለቅም። ቆዳው ከተላጠ ወይም ልጁ ተቅማጥ ከያዘው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ስትገዙ ቱቦው ላይ ያለውን ፐርሰንት አንብቡ። 10 ፐርሰንት አካባቢ ያለው ለመከላከል ይሆናል። ወደ 40 የሚጠጋው ለተላጠ ቆዳ ነው። ቆዳው ነጭ ሆኖ እስኪሸፈን ድረስ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት። ዳይፐር በቀየራችሁ ቁጥር ግን ፈትጋችሁ ለማስለቀቅ አትሞክሩ። የቆሸሸውን የላይኛውን ብቻ ጥረጉና በላዩ ጨምሩበት። መፈተጉ ራሱ ሌላ ቁስል ነው።

ፓውደር አልመክርም። ብናኙ ወደ ልጁ ሳንባ ይገባል፣ እጥፋት ውስጥ ደግሞ ከእርጥበት ጋር ይቋጠራል። ቅቤም በቤታችን ክብር ያለው ነገር ቢሆንም ለተላጠ ቆዳ አይሆንም።

የፈንገስ ክሬሞቹ

እዚህ ምርጫው ቀላል ነው። ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት የቆዳ ክሬም በቀን 2 ጊዜ ይቀባል። ኒስታቲን ክሬም ካንዲዳን በደንብ ያጠፋል፣ ግን በቀን ደጋግሞ መቀባት ይፈልጋል። ያገኛችሁትን ግዙ፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ክሎትሪማዞል ስትገዙ ግን «የቆዳ» መባሉን አረጋግጡ። በዚሁ ስም ለሴቶች ብልት የሚሆን ክሬምና እንክብል ስላለ ካርቶኑን ሳያነቡ መውሰድ አይገባም።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያዬ። ሦስትና አራት መድኃኒት በአንድ ቱቦ የያዙ ክሬሞች አሉ። የፈንገስ፣ የባክቴሪያና የአለርጂ መድኃኒት አንድ ላይ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ካርቶኑ ላይ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል ወይም ዴክሳሜታሶን የሚል ካያችሁ መልሱት። እነዚህ የቆዳን መቆጣት የሚያፍኑ ስቴሮይዶች ናቸው፣ በጣም ጠንካራዎችም አሉባቸው። ዳይፐር ሥር የታፈነ ቀጭን የሕፃን ቆዳ ደግሞ መድኃኒቱን አብዝቶ ወደ ሰውነት ያስገባል። ቆዳውንም ያሳሳል። ሐኪም አይቶ ለጥቂት ቀን ቀለል ያለ ስቴሮይድ ቢያዝ ሌላ ነገር ነው። በራስ ግን አይገዛም።

ክፋቱ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያድን መምሰሉ ነው። ከኩታበር የመጣች አንዲት እናት የነገረችኝ ታሪክ ይህን ያሳያል። የ8 ወር ልጇ የሳንባ ምች ይዟት አሞክሳሲሊን ታዞላት ነበር። መድኃኒቱን ስትጨርስ ተቅማጥ መጣ፣ ከተቅማጡ በኋላ ሽፍታው። እናትየዋ ቫዝሊን ቀባች፣ አልሄደላትም። ጎረቤት ባለ አራቱን ክሬም ሰጠቻት። በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ። ስታቆም ተመልሶ መጣ፣ ያውም ሰፍቶ።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን ለምዶት ነው?» አለችኝ። እኛ አገር ባንኮኒ ጀርባ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

አልለመደውም። ክሬሙ ውስጥ የፈንገስ መድኃኒት ቢኖርም ስቴሮይዱ መቆጣቱን ቶሎ ስላፈነው ቀድማ አቆመች፣ ፈንገሱ ግን እዚያው ነበር። ልጅቷን ስናያት ብሽሽቷ ውስጥ ድረስ ጠቁሮና አብለጭልጮ ነበር፣ ጭኗ ላይም ነጠብጣብ አለ። ነገሩም ይገጥማል። አንቲባዮቲክ አንጀት ውስጥ ካንዲዳን የሚገዳደሩትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳቸዋል፣ ፈንገሱ ይበዛል፣ ከሰገራ ጋር ወጥቶ የተቃጠለ ቆዳ ያገኛል። ባለ አራቱን ክሬም አቆመች። ክሎትሪማዞልና ዚንክ ወሰደች።

አቀባቡ ቅደም ተከተል አለው። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ታጥባለች። ሳትፈትግ፣ ጨርቁን ጫን ጫን እያደረገች ታደርቃለች። 10 ደቂቃ ያህል ክፍት ትተዋለች። ጠዋትና ማታ መጀመሪያ ክሎትሪማዞሉን ስስ አድርጋ ትቀባለች፣ ከነጠብጣቦቹም ትንሽ አልፋ። ቆዳው ሲመጠው ዚንኩን በላዩ ትቀባለች። ዚንኩ ከቀደመ የፈንገሱ መድኃኒት ቆዳ ላይ አይደርስም። በሌላው ሰዓት ዚንኩ ብቻ ይበቃል። ጨርቁን በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሰገራ ሲኖር ደግሞ ወዲያው መቀየር አለባት።

በ3ኛው ቀን ነጠብጣቡ ቀነሰ። እናትየዋ ልታቆም ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቆዳው ጤነኛ ከመሰለ በኋላም ጥቂት ቀን መቀጠል ያስፈልጋል፣ በጠቅላላው ከ7 እስከ 10 ቀን አካባቢ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ቀርቶ ነበር። «አብሽሪ፣ ጠባሳ አይደለም» አልኳት። የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ሌላ ክሬም አያስፈልገውም።

ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳሙናው ተጠርጎ እስኪወጣ አለቅልቁና ቀቅሉት። ደሴ ላይ ክረምት ጉሙ ፀሐይ አያሳይም፣ ስለዚህ ካውያ ይግባበት። ለመንገድ ብሎ ከጨርቁ ላይ ፌስታል ማሰር ግን ፈንገሱን መቀለብ ነው። ኮምቦልቻና ባቲ በሙቀቱ ላብ ስለሚጨመር ቤት ውስጥ ልጁን ያለ ዳይፐር ማቆየቱ ከየትኛውም ክሬም ያላነሰ ይጠቅማል።

አፉንም እዩት

ቂጡ ላይ ፈንገስ የጠረጠራችሁበትን ልጅ አፉን ክፈቱ። ምላሱና ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ካለ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ወተት ከሆነ በቀላሉ ይለቃል። የማይለቅ ከሆነ ወይም ሥሩ ቀልቶ ከቀረ ፈንገስ ነው። ያኔ የቂጡ ክሬም ብቻ አይበቃም፣ ለአፍ የሚሆን የኒስታቲን ጠብታ ያስፈልጋል። የቆዳውን ክሬም አፉ ውስጥ አትቀቡ። የእናትየዋ ጡት ጫፍ የሚያቃጥልና የሚወጋ ከሆነ እሷም አብራ ትታከም። አለበለዚያ እናትና ልጅ ሲቀባበሉት ይኖራሉ።

ክሬም መግዛቱን ትታችሁ ጤና ጣቢያ የምትሄዱበት ጊዜም አለ። ልጁ ካተኮሰው፣ ውሃ የቋጠረ ወይም መግል የሚያወጣ ቁስል ካለ፣ ጡት እምቢ ካለ አትቆዩ። የፈንገሱን ክሬም በትክክል ቀብታችሁ በ3 ቀን ምንም ለውጥ ካላያችሁም እንዲሁ። ሽፍታው አፍ ዙሪያም ከወጣና ተቅማጡ አልቆም ካለ የዚንክ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ያንን ንገሯቸው። የአፍ ፈንገስ እየዳነ ከተመላለሰ ወይም ልጁ ክብደት ካልጨመረ ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ። ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራል።